ሲሊየም፣ የጄሪካን ውሃና የማለዳ ኪኒን፦ የአንዲት እናት የጉዳይ ጥናት

መነሻ

የምሠራው በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በኮንዶሚኒየም ሕንጻዎች መካከል ባለች አነስተኛ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። ሲሊየም ፈልገው የሚመጡ ሰዎች ከጊዜ ወደ ጊዜ እየበዙ ነው። አንዱ ለሆድ ድርቀት፣ ሌላው ለኮሌስትሮል ይፈልገዋል። ከውጭ አገር ዘመድ ያመጣለትን ቆርቆሮ ይዞ አወሳሰዱን ሊጠይቅ የሚመጣውም ጥቂት አይደለም። ከእነዚህ ሁሉ የአንዲትን እናት ጉዳይ መርጬ የምጽፈው በሲሊየም አወሳሰድ ላይ የሚሠሩት ሁለት ከባድ ስሕተቶች በእርሳቸው ላይ በአንድ ማንኪያ ስለተገናኙ ነው። ታሪካቸው እንዲጻፍ ፈቅደዋል። ማንነታቸውን የሚጠቁም ነገር አላስገባሁም።

ስለ ነገሩ ምንነት ጥቂት ልበል። ሲሊየም በብዛት በሕንድ የሚመረት የአንድ አጭር ተክል ዘር ነው። ለጤና የሚውለው የዘሩ ገለፈት ሲሆን፣ ደረቁን ሲያዩት ቀለል ያለ የእህል እብቅ ይመስላል። ውሃ ሲነካው ግን እንደ ተልባ ይዝለገለጋል፤ እንዲያውም ከተልባ ይብሳል። በትንሹ አንጀት አይፈጭም፤ በትልቁ አንጀት ያሉት ባክቴሪያዎችም እምብዛም አያፈርሱትም። ስለዚህ የያዘውን ውሃ እንደያዘ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። ዓይነ ምድርን የሚያለሰልሰው ይህ ጠባዩ ነው። ጉሮሮ ላይ የሚያንቀውና መድኃኒት የሚይዘውም ይኸው ጠባዩ ነው።

የኋላ ታሪክ

እናቲቱ የ54 ዓመት ሴት ናቸው። ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በእንቅርት ምክንያት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው የታይሮይድ ዕጢያቸው ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው 100 ማይክሮግራም ሌቮታይሮክሲን ይወስዳሉ። ዕጢው ስለሌለ ሰውነታቸው የሚያገኘው የታይሮይድ ሆርሞን ከዚያች ትንሽ ኪኒን የሚመጣው ብቻ ነው። ለደም ግፊት ደግሞ ማታ ሊተኙ ሲሉ 5 ሚሊ ግራም አምሎዲፒን ይወስዳሉ።

የሆድ ድርቀቱ የቆየ ነው። በአራት ቀን አንዴ ይወጣሉ፤ ያውም በብዙ ማማጥ። ደም፣ የክብደት መቀነስ ወይም የደም ማነስ ኖሮባቸው አያውቅም። ምክንያቱን ስንነጋገር ሁልጊዜ የሚመለሰው ወደ ውሃ ነበር። በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በመጣበት ቀንም ግፊቱ አራተኛ ፎቅ አይደርስም። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ከታች ተቀድቶ በደረጃ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ የምትሸከመው ልጃቸው ናት። አንድ ቀን ምን ያህል ውሃ እንደሚጠጡ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ውሃ በጠጣሁ ቁጥር የልጄን ጉልበት የምጠጣ ይመስለኛል» አሉኝ። በቀን የሚጠጡት ሦስት ሲኒ ቡናና ከምግብ ጋር የምትቀመስ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ነበር።

በመጋቢት ወር ባደረጉት ምርመራ ቲኤስኤች የተባለው የታይሮይድ መለኪያ 2.4 ነበር፤ ይህ ኪኒኑ በልኩ እየሠራ መሆኑን ያሳያል። መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ማለትም ኤልዲኤል፣ በዴሲ ሊትር 162 ሚሊ ግራም ሆኖ ተገኘ። ሐኪማቸው የምግብ ምክር ሰጥተው ከጥቂት ወራት በኋላ እንዲመለሱ ነገሯቸው። ለፋሲካ ከውጭ አገር የመጡ እኅታቸው ይህን ሲሰሙ አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ሲሊየም ትተውላቸው ሄዱ። «ድርቀቱንም ኮሌስትሮሉንም ያጠፋልሻል፤ ጠዋት በባዶ ሆድሽ ውሰጂው» ነበር ያሏቸው።

ምን ተፈጠረ

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ጀመሩ። የሾርባ ማንኪያ ቆልለው በግማሽ የሻይ ብርጭቆ ውሃ ይበጠብጡና፣ የታይሮይድ ኪኒኑን አፋቸው ውስጥ አድርገው በዚያው ዝልግልግ ያወራርዱታል። ጣዕሙ እንዲለቃቸው ወዲያው ቡና ያስከትላሉ። ቀድሞ ግን ኪኒኑን ገና ሲነሡ በውሃ ውጠው ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ይመለሱ ነበር፤ ቡና የሚጠጡት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ሲሊየም ሲመጣ የተጨመረው አንድ ነገር ብቻ አልነበረም፤ የማለዳው ሥርዓት በሙሉ ተለወጠ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሆዳቸው ጥቂት ቀለል አለላቸው። ቀስ በቀስ ግን ድርቀቱ ከቀድሞው ብሶ ተመለሰ። ስድስት ቀን ሳይወጡ የቀሩበት ጊዜም ነበር። ሆዳቸው ይነፋል፤ ከበሉ በኋላ ይከብዳቸዋል። መጠኑ አንሶ ይሆናል ብለው ማታም ጨመሩበት። በዚሁ ሰሞን ድካም ያዛቸው፤ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ መደረብ ጀመሩ፤ ጠዋት ፊታቸው ያብጣል። ቤተሰቡ የክረምቱ ብርድ ነው ብሎ አለፈው።

በሰኔ መጨረሻ አንድ ምሽት መበጥበጡ ሰልችቷቸው ደረቁን በማንኪያ ቃሙትና ሁለት ጉንጭ ውሃ አስከተሉበት። ደረታቸው መካከል ቆመ። ምራቃቸውን መዋጥ አቃታቸው፤ እየተፉ እስከ እኩለ ሌሊት ተቀመጡ። ጎረቤት የዓሣ አጥንት እንደሚገፋ ሁሉ ደረቅ እንጀራ እንዲውጡ መክሯቸው አንድ ጉርሻ ሞክረው ነበር፤ ተመልሶ ወጣ። ሌሊት ላይ በራሱ ለቀቀ። ይህን የነገሩኝ ከሳምንት በኋላ ነው፤ ያውም እንደ ቀላል ነገር በወሬ መካከል። ያን ምሽት መሄድ የነበረባቸው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነበር። ምራቅ መዋጥ የማይችል ሰው ጉሮሮው ወይም የምግብ ቧንቧው ተዘግቷል ማለት ነው። በላዩ ላይ እንጀራም ሆነ ውሃ መጨመር መዘጋቱን ያብሳል፤ ወደ ሳንባ የመግባት አደጋም አለው።

በሐምሌ መጀመሪያ ኤልዲኤላቸው ተለክቶ 187 ሆነ። ውጤቱን ይዘው ተቆጥተው መጡ። «ኮሌስትሮል ያወርዳል አልተባለም እንዴ? የእኔን እኮ ጭራሽ ጨመረው!» አሉኝ።

ምክንያቱን ፍለጋ

መጀመሪያ ያደረግሁት እንዴት እንደሚወስዱ እንዲያሳዩኝ መጠየቅ ነው። «በትክክል ነው የምወስደው» የሚል መልስ ምንም አይነግረኝም። ማንኪያቸውንና ብርጭቋቸውን አስመጣሁ፤ የቆለሉትን ማንኪያ በሚዛናችን ላይ ስናደርገው 8 ግራም ሆነ። ብርጭቆው እርሳቸው በሚሞሉት ልክ ከ100 ሚሊ ሊትር አያልፍም። በተለምዶ በአንድ ጊዜ የሚወሰደው መጠን ከ3 እስከ 5 ግራም ሲሆን፣ ውሃው ቢያንስ 240 ሚሊ ሊትር መሆን አለበት። እርሳቸው እጥፍ ያህል ሲሊየም ከግማሽ ባነሰ ውሃ ይወስዱ ነበር።

ነገሩን በቃል ከማስረዳት ማሳየት ይሻላል ብዬ በመደርደሪያው ላይ ሁለት ዕቃ አስቀመጥሁ። በአንድ የቡና ሲኒ ውሃ ላይ አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ሲሊየም ጨመርሁ፤ ያንኑ ያህል ደግሞ በግማሽ ሃይላንድ ውሃ በተሞላ ረጅም ብርጭቆ ላይ። ስለ ቤታቸው እየተጫወትን አሥር ደቂቃ ያህል አለፈ። ከዚያ ሲኒውን አንሥቼ በእጃቸው ላይ ገለበጥሁት። አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ዝልግልጉ ሲኒው ውስጥ እንደ ረጋ ገንፎ ተጣብቆ ቀረ፤ በረጅሙ ብርጭቆ ያለው ግን ወፈር ብሎ እንደ ቀጭን አጥሚት ይፈስሳል። ሲኒውን ደጋግመው አዩትና «ይኼ ነው ደረቴ ላይ የቆመው?» አሉ። አዎ፣ እርሱ ነው። በቂ ውሃ ካላገኘ አንጀት ውስጥም እንዲሁ ይሆናል፤ ዓይነ ምድሩን በማለስለስ ፈንታ ያበዛዋል እንጂ አያለዝበውም። ሆዳቸው የሚነፋው፣ ማንኪያ በጨመሩ ቁጥር የሚብስባቸውም ለዚህ ነው።

የኮሌስትሮሉ መጨመር ግን በውሃ እጥረት አይገለጽም። ድካሙ፣ ብርዱ፣ የፊት ማበጡ፣ የባሰው ድርቀትና ከፍ ያለው ኤልዲኤል አንድ ላይ ሲታዩ የሚጠቁሙት ወደ ታይሮይድ ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ አንጀት ይዘገያል፤ ጉበትም ኤልዲኤልን ከደም ውስጥ የሚያነሣበት አቅም ይቀንሳል። አንዱ ጉድለት ሁለቱንም ቅሬታዎች ያመጣል ማለት ነው። ወደ ሐኪማቸው የምትሄድ አጭር ማስታወሻ ጽፌ፣ ሲሊየሙንና ኪኒኑን በአንድ ጉንጭ እንደሚወስዱ ገልጬ፣ ቲኤስኤች እንዲለካላቸው ጠየቅሁ። 21.3 ሆኖ ተገኘ፤ ቲኤስኤች ከፍ ሲል ሆርሞኑ አንሷል ማለት ነው። በመጋቢት 2.4 እንደነበረ ልብ ይሏል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በሐቀኝነት ማለት አለብኝ። የሌቮታይሮክሲን ማብራሪያ ወረቀት የምግብ ፋይበር ኪኒኑን ይዞ እንዳይመጠጥ ሊያደርገው እንደሚችል ያስጠነቅቃል። በሌላ በኩል በጤነኛ ሰዎች ላይ የተደረገ አነስተኛ ሙከራ ሲሊየም ብቻውን ጉልህ ለውጥ እንደማያመጣ አሳይቷል። ቡናም የኪኒኑን መመጠጥ እንደሚቀንስ ይታወቃል። በእኚህ እናት ላይ ከመጠን ያለፈ ሲሊየም፣ ትንሽ ውሃና ወዲያው የተከተለ ቡና አንድ ላይ ስለመጡ ጥፋቱን ለአንዱ ብቻ ለይቼ መስጠት አልችልም። መፍትሔው ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ ኪኒኑ ብቻውን በውሃ ይዋጥና ጊዜ ይሰጠው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ሐኪማቸው መጀመሪያ ያሰቡት ሌቮታይሮክሲኑን ወደ 125 ማይክሮግራም ማሳደግ ነበር። የቲኤስኤች ቁጥሩን ብቻ ለሚያይ ሰው ትክክለኛ ውሳኔ ነው። በስልክ ተነጋገርንና መጠኑን ከመንካታችን በፊት አወሳሰዱን ብናስተካክል ምን ይመስልዎታል አልኋቸው። መጠኑ ጨምሮ በኋላ ኪኒኑ በሚገባ መመጠጥ ሲጀምር ሆርሞኑ ከልክ ያልፋል፤ የልብ ምት መዛባትንና የአጥንት መሳሳትን ያስከትላል። በሐሳቡ ተስማሙ። 100 ማይክሮግራሙ እንዳለ ቀጠለ። ሆርሞኑ በደም ውስጥ ረግቶ ቲኤስኤች ትክክለኛ ምስል እስኪሰጥ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ስለሚወስድ፣ ቀጣዩ ምርመራ ከስምንት ሳምንት በኋላ እንዲሆን ተወሰነ።

ሲሊየሙ ለጊዜው ቆመ። የመዋጥ ችግራቸው እንዳልቀጠለና አንጀታቸው እንዳልተዘጋ ሐኪሙ መረመሯቸው። የተጠራቀመው እስኪወጣ ላክቱሎስ ታዘዘላቸው። በደረቀ ዓይነ ምድር በተሞላ አንጀት ላይ ሲሊየም መጨመር በተዘጋ ቦይ ላይ ጭቃ እንደ መጨመር ነው።

በሐምሌ የመጨረሻ ሳምንት እንደገና ጀመሩ፤ በቀን አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 2 ግራም ገደማ። ዕቅዱ በየሳምንቱ አንድ ማንኪያ እየጨመሩ እስከ አምስት ማንኪያ መድረስ ነበር። አምስቱ ማንኪያ 10 ግራም ይሆናል። ይህ ቁጥር ያለ ምክንያት የተመረጠ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1998 እ.ኤ.አ. በማሸጊያ ላይ እንዲጻፍ የፈቀደው፣ ሲሊየም ኮሌስትሮልን በመቀነስ የልብ ሕመምን ስጋት ሊያሳንስ ይችላል የሚለው ማብራሪያ በቀን 7 ግራም የሚሟሟ የሲሊየም ፋይበር ይጠይቃል፤ ይህንን ለማግኘት 10 ግራም ያህል ገለፈት ያስፈልጋል። ለድርቀቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ያነሰ ይበቃቸው ነበር።

ውሃውን በብርጭቆ መለካት ትተን በሃይላንድ ለካነው። ብርጭቆ በየቤቱ ይለያያል፤ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ግን የትም አንድ ነው። በአንዱ ሃይላንድ መካከል ላይ ፕላስተር ለጠፍንበት። እስከ ፕላስተሩ ባለው ውሃ ሲሊየሙ ይበጠበጥና ሳይወፍር ወዲያው ይጠጣል፤ የቀረው ግማሽ ተከትሎ ይጠጣል። የጄሪካኑን ነገር ደግሞ ከልጃቸው ጋር አሰላነው። በቀን ሁለቴ ቢወስዱ ለሲሊየም የሚያስፈልገው 1 ሊትር ነው፤ አንድ ጄሪካን ለ20 ቀን ይበቃል ማለት ነው። ልጃቸው ሳቀችና «እማዬ፣ ለዚህ ነበር እንዴ ስትጨነቂ የኖርሽው?» አለቻቸው። ከሁሉ ምክሬ በላይ የሠራው ይህ ስሌት ይመስለኛል።

ሰዓቱን እንዲህ ደለደልነው። የታይሮይድ ኪኒኑ ንጋት 12 ሰዓት ላይ በውሃ ብቻ ይዋጣል፤ ቡና ከአንድ ሰዓት በኋላ። ሲሊየሙ ምሳ ሊቀርብ ሲልና ምሽት 12 ሰዓት ላይ። የግፊቱ ኪኒን ሊተኙ ሲሉ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ። በአብዛኛው የሲሊየም ማሸጊያ ላይ የሚጻፈው ከሌላ መድኃኒት ቢያንስ 2 ሰዓት መራቅ እንዳለበት ነው። ለሌቮታይሮክሲን 4 ሰዓት እንይዛለን፤ በእርሳቸው ቀን ውስጥ ስድስት ሰዓት ተገኘ። የምሽቱን ሲሊየም ወደ መኝታ ሰዓት ያላስጠጋሁት ሆን ብዬ ነው፤ ውጠውት ወዲያው የሚተኙበት ነገር አይደለም።

ያልሠራው

የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ ነው። በቆርቆሮው ላይ በለጠፍሁት ወረቀት ላይ «ከሌላ መድኃኒት በ2 ሰዓት ይለይ» ብዬ ጻፍሁ። እርሳቸው የተረዱት በ2 ሰዓት እንዲወሰድ ነው። ለሦስት ቀናት ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሲሊየሙን ጠጥተው የግፊቱን ኪኒን ወዲያው አስከትለዋል። ያወቅነው ልጃቸው መድኃኒት ልትገዛ መጥታ በጨዋታ መካከል ስታነሣው ነው። በእኛ ቋንቋ የሰዓት ቁጥርና የሰዓት ርዝመት በአንድ ቃል ስለሚነገሩ፣ ከዚያ ወዲህ በወረቀት ላይ ርዝመት አልጽፍም። «ኪኒኑ ከቡና በፊት፣ ሲሊየሙ ከምሳ በፊትና ፀሐይ ስትጠልቅ፣ የግፊቱ ኪኒን አልጋ ላይ» ብዬ ጻፍሁላቸው። ስሕተቱ አልተደገመም።

ሁለተኛው ፍልሰታ ነው። ሲሊየሙን በጀመሩ በሳምንቱ ጾሙ ገባ፤ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ምግብም ውሃም አይቀምሱም። ኪኒኑን በማለዳ በውሃ ለመዋጥ ከንስሐ አባታቸው ቀድሞም ፈቃድ ነበራቸው። የምሳው ሲሊየም ግን ቦታ አጣ። መጀመሪያ ጾም ሲፈታ ከምግብ ጋር ይወሰድ አልሁ፤ አልተሳካም። ቀኑን ሙሉ ውሃ ያጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ግማሽ ሊትር ጠጥቶ ሲሊየም ጨምሮ ምግብ መብላት አይችልም፤ ሆዳቸው ተነፋ፤ ተልባ ፍትፍትም በዚያው ላይ ተጨመረ። የምሳውን ትተን ምሽት 12 ሰዓት ላይ ብቻ እንዲወስዱ አደረግን። ጾም ከተፈታበት እስከዚያ ባሉት ሦስት ሰዓታት ውሃ ይጠጣሉ። የኮሌስትሮሉን ግብ ለ15 ቀን አቆየነው፤ ድርቀቱ ግን አልተመለሰም።

ሦስተኛው ችኮላ ነው። ጾሙ እንደተፈታ የቀረውን ለማካካስ በሁለት ቀን ውስጥ ከአንድ ማንኪያ ወደ ሦስት ዘለሉ። ሌሊቱን በጋዝ ሲሰቃዩ አደሩና ሊተዉት ነበር። ወደ አንድ መልሰን በየሳምንቱ ጨመርን። በመስከረም አጋማሽ አምስት ማንኪያ ደረሱ፤ ሦስቱ ከምሳ በፊት፣ ሁለቱ ምሽት።

ውጤቱ

በሲሊየሙ ሁለተኛ ሳምንት መጨረሻ በየሁለት ቀኑ፣ ከመስከረም ወዲህ በአብዛኛው በየቀኑ መውጣት ጀመሩ። ሲሊየም በአንድ ቀን የሚያስወጣ መድኃኒት አይደለም፤ ከ12 ሰዓት እስከ ሦስት ቀን ይወስዳል። በየቀኑ ሲወሰድ ነው ሥራው የሚታየው።

ከስምንት ሳምንት በኋላ፣ በመስከረም፣ ቲኤስኤች ወደ 4.8 ወረደ፤ ኤልዲኤል 161 ሆነ። በኅዳር መጀመሪያ ደግሞ ቲኤስኤች 2.9፣ ኤልዲኤል 149። የሌቮታይሮክሲኑ መጠን አንዴም አልተነካም። ድካሙም የፊት ማበጡም ሄደ።

ቤተሰቡ «ሲሊየም ከ187 ወደ 149 አወረደው» ብሎ ለሰው ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ እንዳይባል አጥብቄ ነግሬአቸዋለሁ። ከ187 ወደ 161 የወረደው በአብዛኛው ታይሮይዱ ወደ ቦታው ስለተመለሰ ነው፤ ሙሉው 10 ግራም ሲሊየም የተጀመረው ገና በዚያ ሰሞን ነበር። 161 በመጋቢት ከነበረው 162 ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። የሲሊየሙ ድርሻ ከ161 ወደ 149 ያለው ነው፤ 7 በመቶ ገደማ። ይህ ደግሞ የሚጠበቅ ነው፤ ሲሊየም በሚገባ ሲወሰድ ኤልዲኤልን ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ዝልግልጉ አንጀት ውስጥ የሐሞት አሲዶችን ይዞ ከዓይነ ምድር ጋር ያስወጣል። ጉበት የወጣውን ለመተካት አዲስ ሐሞት ይሠራል፤ ለዚህ ሥራ ኮሌስትሮል ስለሚያስፈልገው ኤልዲኤልን ከደም ይስባል። አሠራሩ እውነተኛ ነው፤ አቅሙ ግን ልክ አለው።

ለሌላ ሰው የሚተርፈው

ከዚህ ጉዳይ በኋላ ሲሊየም ለሚጠይቀኝ ሰው የዋጋ ጥያቄውን ከመመለሴ በፊት የምጠይቀው ሌላ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ነው። የታይሮይድ ኪኒን፣ የልብ ዲጎክሲን፣ የሚጥል በሽታ ካርባማዜፒን፣ ወይም የስሜት መዛባት ሊትየም የሚወስድ ከሆነ ሰዓቱን ደልድዬ ካልጻፍሁለት አልሸጥለትም፤ በእነዚህ ላይ ትንሽ የመመጠጥ ለውጥ ትልቅ ችግር ያመጣል። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ደግሞ ሲሊየም ከምግብ በኋላ የሚነሣውን ስኳር ስለሚያለዝብ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስኳሩን ቶሎ ቶሎ እንዲለካ እነግረዋለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ መዋጥና ስለ ውሃ ነው። ምግብ ደረቱ ላይ የሚቆምበት፣ አንጀቱ ተዘግቶ ወይም ጠብቦ የሚያውቅ፣ ወይም በልብና በኩላሊት ሕመም ምክንያት ውሃ እንዲቀንስ የታዘዘ ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ ሊወስደው አይገባም። አልጋ ላይ ያሉ አረጋውያንም እንዲሁ፤ ቤተሰብ በፍቅር አንድ ማንኪያ ሲያጎርሳቸው አይቻለሁ፤ ደረቱ ላይ ቢቆም ራሳቸውን ማዳን አይችሉም። ውሃ በልኩ ማግኘት ለማይችል ሰው ሲሊየም ከሚወስድ ባይወስድ ይሻላል።

ሦስተኛው፣ ድርቀት ወይም ኮሌስትሮል ሲሊየም እየተወሰደ ከባሰ ማንኪያ ከመጨመር በፊት ምክንያቱን መፈለግ ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አዲስ የመጣ ድርቀት፣ በዓይነ ምድር ውስጥ የታየ ደም፣ ያለ ምክንያት የቀነሰ ክብደት፣ ወይም ከትውከትና ከሆድ ቁርጠት ጋር ጋዝ እንኳ አለማለፍ ካለ መድኃኒት ቤት መፍትሔ አይደለም።

አሁን ያሉበት

ሐኪማቸው የደም ግፊታቸውንና ዕድሜያቸውን አይተው 149 እንደማይበቃ ነገሯቸው፤ በታኅሣሥ ስታቲን የተባለ የኮሌስትሮል መድኃኒት አዘዙላቸው። ሲሊየሙም ይቀጥላል። ማዘዣውን ይዘው ሲመጡ መድኃኒቱን አወጣሁላቸውና እንደ ልማዴ ወረቀት ልጽፍ ስጀምር እጃቸውን በእጄ ላይ አደረጉ። «ቆይ ልጄ፣ እኔ ልንገርህ» አሉኝ። «ይኼ ከሲሊየሙ ጋር አይሄድም። አልጋ ላይ፣ ከግፊቱ ኪኒን ጋር።» ይህንኑ በማሸጊያው ላይ ጽፌ ሰጠኋቸው።